28 ገጽ ጥናት ወደ አንድ ፖስተር፦ ምኑ ይቆረጥ፣ ምኑ ይቅር?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። በሕዝብ ጤና የማስተርስ ጥናቴን ጨርሻለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በየቤቱ በሚጠራቀም ውሃ ላይ የወባ ትንኝ እጭ ፍለጋ ነው የሠራሁት። ጽሑፉ 28 ገጽ ነው፤ ስድስት ሰንጠረዥ አለው። አሁን አንድ ኮንፈረንስ ላይ በፖስተር አቅርቢ ተባልኩ። መጠኑ ኤ ዜሮ፣ ወደ ላይ የቆመ። ከጽሑፉ እየገለበጥኩ ስለጥፍ 2,100 ቃል ሆነ። እንዲገባልኝ ፊደሉን 14 አደረግሁት። አማካሪዬ አይተው ‹ይህን ማን ቆሞ ያነባል?› አሉኝ። ለእኔ ግን ሁሉም አስፈላጊ ነው። ምኑን ልቁረጥ? የቀረውንስ ዓይን ተከትሎት እንዲሄድ እንዴት ልደርድረው? ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ።»

መልስ

እህቴ፣ አማካሪሽ እውነታቸውን ነው። ካላመንሽ የሠራሽውን ፋይል በኤ ፎር ወረቀት አትሚው። ኤ ፎር ማለት የኤ ዜሮ ወርድም ቁመትም ለአራት ሲካፈል የሚገኝ መጠን ነው። ስለዚህ 14 ፖይንት የነበረው ፊደልሽ 3.5 ፖይንት ይሆናል። ወረቀቱን በእጅሽ ይዘሽ ስታነቢ የምታይው፣ ሰው ከፖስተርሽ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ቆሞ የሚያየውን ነው። ወረቀቱን አትጣይው፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ፊደሉ ያነሰው ከአጀማመርሽ የተነሳ ነው። ከጽሑፉ ተነስተሽ እየቀነስሽ መጣሽ። እንደዚያ ሲሆን የሚቆረጠው ሁሉ ያሳሳል፤ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ደክመሽበታላ። አሁን ጽሑፉን ዝጊው። ባዶ ገጽ ክፈቺና ግኝትሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ከዚያ በኋላ ወደ ፖስተሩ የሚገባ ነገር ሁሉ ያቺን ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳ ወይም የሚያሳምን መሆን አለበት። ሁለቱንም ካላደረገ ቦታው ጽሑፉ ውስጥ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። ጥናትሽ ገና ስላልታተመ ቁጥሮቹን ቀይሬያቸዋለሁ፤ እዚህ የምታያቸው ሁሉ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው። ፖስተሩም በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። እኔ ምሳሌውን በአማርኛ እጽፋለሁ፤ አንቺ ትመልሺዋለሽ።

የጥናትሽ ርዕስ እንዲህ ይመስላል እንበል፦ «በድሬዳዋ በመኖሪያ ቤቶች የውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃዎች ውስጥ የአኖፊለስ ስቴፈንሳይ እጭ መገኘትና ተያያዥ ምክንያቶች፦ ማኅበረሰብ አቀፍ ክሮስ ሴክሽናል ጥናት»። ይህ ምን እንደፈለግሽ ይናገራል። ምን እንዳገኘሽ ግን አይናገርም። አብስትራክትሽ ተቀባይነት ያገኘው በዚህ ርዕስ ስለሆነ እሱን አትቀይሪው፤ ፕሮግራሙ ላይ ፈልገው የሚመጡ ሰዎች ይጠፋቸዋል። ከሥሩ ግን ከዳር እስከ ዳር ባለቀለም ሰቅ አድርጊና ግኝቱን በትልቁ ጻፊበት፦

«ክፍት ከሆኑ 10 በርሜሎች በ4ቱ እጭ ተገኝቷል። ከተከደኑ 10 በርሜሎች ግን በ1ዱ ብቻ።»

በቃ። በጥድፊያ የሚያልፍ ሰው ይህችን ብቻ አንብቦ ቢሄድ እንኳ ጥናትሽን ይዞ ሄዷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጽሑፍሽ ውስጥ ያለው ኦድስ ሬሾ ነው። 200 ክፍት በርሜል አይተሽ በ80ው እጭ ብታገኚ፣ 200 የተከደነ አይተሽ በ20ው ብታገኚ፣ ኦድስ ሬሾው 6 ይመጣል። እጭ ያለባቸውን 80 ለሌለባቸው 120 ትካፈያለሽ፣ እንዲሁም 20ን ለ180 ትካፈያለሽ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስትካፈዪ 6 ነው። ይህን ይዘሽ «ክፍት በርሜል እጭ የመያዝ ዕድሉ 6 እጥፍ ነው» ብለሽ በትልቁ ከጻፍሽ ተሳስተሻል። 40 በመቶ የ10 በመቶ 4 እጥፍ ነው እንጂ 6 አይደለም። የሚታየው ነገር ብርቅ ካልሆነ ኦድስ ሬሾ ልዩነቱን ያጋንናል። አንድ ስታቲስቲክስ የገባው ሰው ፊትሽ ቆሞ ይህን ቢጠይቅሽ የቀረው ሰዓት ሁሉ ስለዚህ ስትከራከሪ ያልፋል። ለሰቁ «ከ10 ስንቱ» የሚለው ይሻላል። ኦድስ ሬሾው ወደ ታች፣ ግራፉ ላይ ይምጣ።

ሌላም ጥንቃቄ። ጥናትሽ ክሮስ ሴክሽናል ነው፤ ክዳኑንም እጩንም ያየሽው በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ «ክዳን እጭን ይከላከላል» አትበዪ፤ «ክዳን ባላቸው ላይ እጭ ያነሰ ተገኘ» በዪ። ቃል ሲያጥር ጥንቃቄው አብሮ የመቆረጥ ልማድ አለው። ጽሑፉ ላይ «ሊያያዝ ይችላል» ያልሽው ፖስተሩ ላይ «ያመጣል» ሆኖ እንዳይገኝ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክ ሞሪሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና የዶክትሬት ተማሪ ፖስተርን የሚተች ቪዲዮ ለቆ ነበር። የፖስተሩን መሃል ባዶ አድርጉና አንዲቷን ግኝት በትልቁ ጻፉበት፤ ዝርዝሩ በግራና በቀኝ ጠባብ ዓምድ ላይ ይሁን ነው የሚለው። ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ግን ለአንቺ ሙሉ በሙሉ አልመክርም። አንደኛ፣ የእሱ አቀማመጥ የተመቸው ለተኛ ወረቀት ነው፤ ያንቺ የቆመ ነው። ሁለተኛ፣ ፖስተር የሚገመግሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዘዴውንና ውጤቱን የሚያዩበት የነጥብ መስጫ ወረቀት ይዘው ነው የሚዞሩት። መሃሉን በሙሉ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ከሰጠሽ ዘዴሽ ጥግ ላይ ይደበቃል። ሰቁ የሐሳቡን ጥቅም ይሰጥሻል፤ ቦታውን ግን አይበላብሽም።

አሁን ወደ መቁረጡ። የቃል በጀት ያዢ። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ጥናት 350 ቃል አካባቢ እሰጣለሁ። ለመነሻው 50፣ ለዘዴው 60፣ ለውጤቱ ከግራፎቹ ርዕስና ማብራሪያ ጋር 120፣ ለትርጉሙ 80፣ ለምስጋናና ለአድራሻ 40። ከ2,100 ወደዚህ መውረድ ያስደነግጣል፤ አውቃለሁ። ግን አብዛኛው በጅምላ የሚወጣ ነው።

መጀመሪያ አብስትራክቱ ይውጣ። ፖስተሩ ራሱ አጭር መግለጫ ነው፤ ላዩ ላይ ሌላ አጭር መግለጫ መለጠፍ አንድን ነገር ሁለቴ ማስነበብ ነው። አብስትራክቱ የኮንፈረንሱ መጽሔት ላይ አለ። አዘጋጆቹ በግድ ይኑር ካሉ ብቻ ይቆይ። ቀጥሎ የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ይውጣ። የማጣቀሻ ዝርዝሩም ይውጣ፤ የግድ የምትጠቅሺያቸው ሁለት ወይም ሦስት ካሉ ግርጌ ላይ በትንሹ ይቀመጡ። የተሳታፊዎች ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ የሚለው የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ይውጣ። ያንቺ ጥያቄ ስለ በርሜል ነው። አንባቢ ስንቱ ባለትዳር እንደሆነ ለማወቅ አይቆምም።

መነሻው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ስለ ወባ በዓለም፣ ስለ ወባ በአፍሪካ፣ ስለ ወባ በኢትዮጵያ እያሉ መውረድ ለቴሲስ ነው። በቀጥታ ነገሩ ላይ ግቢ፦ «አኖፊለስ ስቴፈንሳይ በከተማ፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ ናት። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። የትኛው ዕቃ ላይ እንደምትበዛ ማወቅ ፈለግን።» ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ጥያቄሽ ነው። ከሰቁ ላይ ካለው መልስ ጋር ይገጥማል። ካልገጠመ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

ዘዴውን በሥዕል ተርኪው። ሦስት ሣጥን ከግራ ወደ ቀኝ፣ በመሃላቸው ቀስት። «300 ቤት»፣ «600 የውሃ ዕቃ»፣ «እጭ ተሰብስቦ በላቦራቶሪ ተለየ»። ከሥሩ አንድ ወይም ሁለት መስመር፦ ጥናቱ መቼ ተደረገ፣ ቤቶቹ እንዴት ተመረጡ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ከየት ነው። የናሙና ቀመሩን፣ የመጠይቁን ታሪክ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎችን ሥልጠና ተይው። ሰው ከጠየቀሽ አፍሽ አለ።

ግን እጅሽ መቀስ ሲለምድ የማይቆረጠውን እንዳትቆርጪ። ስንት እንዳየሽ፣ መቼና የት እንዳየሽ፣ እጩን በምን እንደለየሽ፣ የጥናቱ ዋና ድክመት ምን እንደሆነ። እነዚህ አራቱ ከሌሉ ሰቁ ላይ ያለው ቁጥር ባዶውን ይንሳፈፋል። በተለይ ድክመቱ። «የታየው በአንድ ወቅት ብቻ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ሊለይ ይችላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሹን ጥያቄ ሳይጠየቅ ይመልስልሻል።

የወጡትን ሰንጠረዦች ደግሞ አትጣያቸው። በኤ ፎር አትመሽ ፌስታል ውስጥ ይዘሻቸው ቁሚ። «የትምህርት ደረጃውን አይተሽዋል?» ሲሉሽ አውጥተሽ ታሳያለሽ። አማካሪሽም «የት ሄደ?» ካሉ መልስ አለሽ።

አሁን ዋናው። ስድስቱ ሰንጠረዦች ወደ ሁለት ግራፍ ይወርዳሉ፤ ጊዜሽን የሚወስደውም ይህ ነው።

የመጀመሪያው ግራፍ ቀላል ነው። የዕቃ ዓይነትና እጭ የተገኘበት በመቶኛ። በእኛ የማሳያ ቁጥር ክፍት በርሜል 40፣ የሲሚንቶ ገንዳ 30፣ የተከደነ በርሜል 10፣ ሮቶ 5፣ ጀሪካን 2። የተጋደመ ባር አድርጊው፤ የዕቃዎቹ ስም ረዘም ያለ ስለሆነ ቆሞ ከተጻፈ አንገት ያስጠመዝዛል። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪው። ሶፍትዌሩ በፊደል ተራ ወይም በመጠይቁ ተራ ይሰጥሻል፤ እንዳለ አትውሰጂው። ቁጥሩን ባሩ ጫፍ ላይ ጻፊና የጀርባውን መስመሮች አጥፊ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ስንት ዕቃ እንደታየ በትንሹ አስቀምጪ። ፓይ ቻርት እንዳታደርጊው፤ እነዚህ ቁጥሮች ተደምረው መቶ አይሞሉም። ሦስት አቅጣጫ ያለው ባር ደግሞ ጨርሶ ይቅር፤ የባሩ ጫፍ የት እንዳለ አይታወቅም።

የግራፉ ርዕስም ይናገር። «ግራፍ 1፦ በዕቃ ዓይነት የእጭ ስርጭት» ከማለት «ክፍት በርሜልና የሲሚንቶ ገንዳ ከሌሎቹ ይበልጣሉ» በዪው። አንባቢው ግራፉን ከማየቱ በፊት ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

ሁለተኛው ግራፍ ከዚያ ግዙፍ የሬግሬሽን ሰንጠረዥ ይወለዳል። ጽሑፍሽ ላይ 14 መስመር አለ፤ ያልተስተካከለ ኦድስ ሬሾ፣ የተስተካከለ ኦድስ ሬሾ፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ ፒ ቫልዩ፣ ኮከብ በኮከብ። ያልተስተካከለውን ጣይው። ፒ ቫልዩውንም ጣይው፤ ኢንተርቫሉ ይነግረናል። ከ14ቱ አራት መስመር አስቀሪ። ሦስቱ ግንኙነት ያሳዩት ናቸው እንበል፦ ክዳን አለመኖሩ 5.2 (ከ3.0 እስከ 9.0)፣ ውሃው ከሳምንት በላይ መቆየቱ 2.8 (ከ1.6 እስከ 4.9)፣ ዕቃው ጥላ ሥር መሆኑ 1.9 (ከ1.1 እስከ 3.3)። አራተኛው ደግሞ ሰው ሁሉ ይኖራል ብሎ የሚጠብቀው ግን ያልተገኘው ነው፦ የቤተሰብ ብዛት 1.1 (ከ0.7 እስከ 1.8)። እሱን ማስቀረቱ ለታማኝነት ጥሩ ነው። የወጣልሽን ብቻ መርጠሽ እንዳልለጠፍሽ ያሳያል።

አሣሣሉ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ምክንያት አንድ ነጥብና በግራና በቀኝ የተዘረጋ አንድ መስመር ይሆናል። 1 ላይ ቀጥ ያለ የተቆራረጠ መስመር ይቆማል። የምክንያቱ መስመር ይህን ካልነካ ግንኙነት አለ፤ ካቋረጠው አልተረጋገጠም። ሰው በሁለት ሰከንድ ይገባዋል። በኤክሴል ስካተር ቻርት ታወጫለሽ፤ የአግድሙ ዋጋ ኦድስ ሬሾው፣ የቁሙ ዋጋ 4፣ 3፣ 2፣ 1። ከዚያ የአግድም ኤረር ባር ላይ Custom ትመርጫለሽ። እዚህ ላይ የሚገባው ቁጥር የኢንተርቫሉ ጫፍ አይደለም፤ ከነጥቡ ያለው ርቀት ነው። ለመጀመሪያው ወደ ቀኝ 9.0 ሲቀነስ 5.2 ማለትም 3.8፣ ወደ ግራ 5.2 ሲቀነስ 3.0 ማለትም 2.2። ብዙ ሰው ጫፎቹን እራሳቸውን ያስገባና መስመሩ የትየለሌ ይሄድበታል። በመጨረሻ Format Axis ውስጥ Logarithmic scale የሚለውን አብሪና Base የሚለውን 2 አድርጊው። የሎግ መለኪያ ካልሆነ ከ1 በታች ያለው ሁሉ ተጨምቆ ከ1 በላይ ያለው ይለጠጣል፤ ነጥቡም የመስመሩ መሃል ላይ አይቀመጥም። ነጥቦቹ በኢንተርቫሎቻቸው መሃል ከተቀመጡ አክሲሱ ልክ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ሁለቱን ግራፎች የሚያያይዘውና ዓይንን የሚመራው ቀለም ነው። አንድ ደማቅ ቀለም ምረጪ፤ ብርቱካናማ እንበል። የ«ክፍት በርሜል» ቀለም እሱ ብቻ ይሁን። ሰቁ ላይ «4ቱ» የሚለው ብርቱካናማ፣ በመጀመሪያው ግራፍ የክፍት በርሜል ባር ብርቱካናማ፣ በሁለተኛው «ክዳን አለመኖር» ብርቱካናማ። ሌላው ሁሉ ግራጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ። አንባቢው ከሰቁ ተነስቶ ብርቱካናማውን ብቻ ቢከተል ታሪኩን ጨርሶ ይወርዳል። ቀይና አረንጓዴን ግን አታጣምሪ፤ ሁለቱን የማይለዩ ወንዶች ጥቂት አይደሉም። የድርጅት አርማዎችንም ሰብስበሽ ወደ ግርጌ አውርጃቸው። አርማ ቀለሙ ደማቅ ስለሆነ ከግኝትሽ በፊት ዓይን ይጠልፋል።

አቀማመጡ። ኤ ዜሮ 84.1 በ118.9 ሳንቲሜትር ነው። ከዳርና ከዳር 3 ሳንቲሜትር ተይ፣ በሁለት ዓምድ መሃል 3 ሳንቲሜትር ተይ፤ እያንዳንዱ ዓምድ 37.5 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሁለት ዓምድ ለቆመ ወረቀት ይበቃል። ሦስት ካደረግሽ ግራፎቹ ይኮሳመናሉ።

ከላይ ርዕስ፣ ከሥሩ ሰቁ። ቀጥሎ በግራ መነሻው፣ በቀኝ ዘዴው። ከነሱ ሥር የመጀመሪያው ግራፍ ከዳር እስከ ዳር፤ ይህ በቆመ ሰው ዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይውላል። ከሱ ሥር በግራ ሁለተኛው ግራፍ፣ በቀኝ «ምን ማለት ነው» የሚለው። ግርጌ ላይ ምስጋና፣ አድራሻ፣ አርማ፣ ኪው አር ኮድ። የቆመ ኤ ዜሮ የታችኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ጉልበት አካባቢ ይውላል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያነብ የለም። መደምደሚያውን እዚያ እንዳትቀብሪው። ለኪው አር ኮዱ ሰው ጎንበስ ሳይል ስልኩን እንዲያነጣጥር 8 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ስጪው።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። መሃል ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ግራፍ ስታስገቢ ዓምዶቹ ለሁለት ይቆረጣሉ። ሰው የግራውን መነሻ አንብቦ ሲጨርስ ወደ ቀኙ ዘዴ ይሂድ ወይስ ግራፉን ዘሎ ወደ ታች ይውረድ? ግራ ይገባዋል። መፍትሔው ከግራፉ ጀርባ ፈዘዝ ያለ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ማድረግ ነው። አጥር ይሆናል። ከአጥሩ በላይ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች በአንድ መስመር ይጀምሩ፣ በአንድ መስመር ይለቁ። አንዱ ካነሰ ክፍተት ተይለት እንጂ በቃል አትሙዪው። ርዕሶቹ ፊት 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ትልቅ ቁጥር ብታደርጊ ደግሞ ጥርጣሬው ጨርሶ ይጠፋል።

ክፍተቱ ራሱ ሥራ አለው። ንዑስ ርዕስ ከሥሩ ላለው ጽሑፍ መቅረብ፣ ከላዩ ካለው ክፍል ደግሞ መራቅ አለበት፤ ከላዩ ያለው ክፍተት ከሥሩ ካለው ቢያንስ እጥፍ ይሁን። እኩል ካደረግሻቸው ርዕሱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ይህ ከተስተካከለ ሣጥን አያስፈልግሽም። በየክፍሉ ዙሪያ ጥቁር ሣጥን ማስመር የእኛ ሀገር ፖስተር ልማድ ሆኗል፤ ሣጥን ዓይንን ያስቆማል እንጂ አይመራም። ጽሑፉን በግራ ብቻ አስተካክዪው። በሁለቱም በኩል ከወጠርሽው በቃላት መሃል ቀዳዳ ይፈጠራል፤ በአማርኛ ቃሉ ስለሚረዝም ይብሳል።

የፊደል መጠን እንግዲህ። ጽሑፉ 32 ፖይንት፣ ንዑስ ርዕስ 48፣ ርዕሱ 80፣ ሰቁ 100 አካባቢ። ሰቁ ከርዕሱ መብለጡ አያሳፍርም። የግራፍ ውስጥ ፊደል ከ28 አይነስ፤ የሚረሳው እሱ ነው፤ ግራፉ ሲሳብና ሲጨመቅ ፊደሉም አብሮ ያንሳል። 350 ቃል በዚህ መጠን አልገባ ካለ ቃል ቁረጪ እንጂ ፊደሉን አትንኪው። በተለይ በአማርኛ ከጻፍሽው ፊደላችን ወርዱ ሰፋ ስለሚል 350ው ወደ 280 ቢወርድ አይግረምሽ።

ሲያልቅ እንደገና በኤ ፎር አትሚና ከመጀመሪያው ወረቀት ጎን አስቀምጪው። በእጅሽ ይዘሽ ሁሉም ይነበባል? 32ቱ 8 ፖይንት ሆኗል፤ መነበብ አለበት። ቀጥሎ ግድግዳ ላይ ለጥፊና አንድ ሜትር ከሩብ ራቂ። ይህ ትልቁን ከ5 ሜትር እንደማየት ነው። ሰቁ መነበብ አለበት። ከዚያ ጥናትሽን የማያውቅ ሰው፣ ጎረቤትም ይሁን የቢሮ ባልደረባ፣ ጥሪና ምንም ሳትናገሪ «በምን ተራ እንደምታነቢው በጣትሽ አሳዪኝ» በዪ። ጣቷ ከ1 ወደ 3 ከዘለለ አጥሩ ደብዝዟል ማለት ነው። ከጨረሰች በኋላ ምን እንዳገኘሽ ትንገርሽ። «ስለ ትንኝ ነው» ካለች ሰቁ አልሠራም። «በርሜል ክደኑ ነው የሚለው» ካለች ወደ ማተሚያ ቤት ሂጂ።

ስለ ፋይሉ በአጭሩ። ፓወር ፖይንት ላይ ከሆንሽ ምንም ከማድረግሽ በፊት Design ከዚያ Slide Size ከዚያ Custom Slide Size ገብተሽ 84.1 በ118.9 አድርጊው። ኋላ ከቀየርሽው ሁሉም ይበታተናል። ግራፎቹን ስክሪንሾት አድርገሽ አታምጫቸው፤ ከኤክሴል በቀጥታ ለጥፊ። የበርሜል ፎቶ ካለሽ ዋናውን ከስልኩ አውጪ። በቴሌግራም የተላከ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል የተላከ ይሁን፤ አለዚያ ተጨምቆ ይመጣል። 40 ሳንቲሜትር ስፋት ላይ የሚውል ፎቶ ወደ 2,400 ፒክስል ወርድ ያስፈልገዋል። የሰው ግቢ የሚታይበት ፎቶ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅጂ።

ወደ ባነር ቤት ፒዲኤፍ ይዘሽ ሂጂ። የፓወር ፖይንቱን ፋይል ከሰጠሻቸው የእነሱ ኮምፒዩተር ያንቺ ፎንት ላይኖረው ይችላል፤ ፊደሉ ተቀይሮ መስመሩ ሁሉ ይንሸራተታል። ሌላው፣ ባነር ቤት 80 በ120 የሚል ክብ ቁጥር ይወዳል። ፋይሉን ወደዚያ ወጥረው ካተሙት በወርድ ይጨመቃል፣ በቁመት ይለጠጣል፤ ክቡ የግራፍ ነጥብሽ ዕንቁላል ይሆናል። «ሳይወጠር፣ በትክክል 84.1 በ118.9» ብለሽ አስጽፊ። የተረፈ ነጭ ዳር ካለ ይቆረጣል። ስትረከቢ እዚያው በሜትር ለኪው። ጉዞሽ ረጅም ከሆነ ጠቅልለሽ ያዢው፤ ባነር አንዴ ከታጠፈ መስመሩ ቶሎ አይለቅም፤ እጥፋቱም የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ላይ፣ ያው ግራፍሽ ላይ ነው።